ደመወዙን፣ ፈረቃውንና ቋንቋውን የማይሸሽግ ማስታወቂያ

በብዙ ሆቴሎች የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ተመሳሳይ መስመሮች ይነበባሉ። «የሥራ መደብ፦ ሪሴፕሽኒስት። ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር የሚችል። የሥራ ሰዓት፦ በፈረቃ። ደመወዝ፦ በስምምነት።» ለሚያወጣው ሰው ቀላል ነው፤ የቀድሞውን ማስታወቂያ ቀን ብቻ ቀይሮ ይለጥፈዋል። ሥራ ፈላጊው ግን ሊያውቃቸው የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ሁሉ ተድበስብሰው ያልፉበታል። በየትኛው ቋንቋ ነው ቀኑን ሙሉ የሚያወራው? ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል? በወሩ መጨረሻ እጁ ላይ የሚደርሰው ስንት ብር ነው?

መልሱን የሚያገኘው ታክሲ ከፍሎ ለቃለ መጠይቅ ከመጣ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደመወዙን ሲሰማ አመስግኖ ይወጣል። ሌላው ይቀጠርና የመጀመሪያዎቹን የሌሊት ፈረቃዎች ካየ በኋላ የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ይለቃል። ሆቴሉም ማስታወቂያውን እንደገና ያወጣል፤ ቅሬታው ያኔም «ሠራተኛ አይቆይም» የሚል ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አዳማ ላይ 40 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል አለ እንበል። አዳማ ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆኗ ስብሰባና ሥልጠና ይበዛባታል፤ የዚህ ሆቴል እንግዶችም በአብዛኛው ከመሥሪያ ቤቶችና ከድርጅቶች የሚመጡ ሠልጣኞች ናቸው። ሪሴፕሽኑ ጋ ለግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ምን ይሰማል? ስልክ ይደወላል፤ ደዋዩ በአፋን ኦሮሞ ክፍል አለ ወይ ይላል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሠልጣኞች በቡድን ይገባሉ፤ ሲወጡ ደግሞ ደረሰኙ በመሥሪያ ቤታቸው ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ እንዲቆረጥ ይጠይቃሉ። አንዱ የአልጋውና የምግቡ ሒሳብ ለየብቻ ካልሆነ ፋይናንስ አይቀበለኝም ብሎ ይከራከራል። እንግሊዝኛ የሚመጣው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው፤ በኢሜይል የተላከ የክፍል ማስያዣ፣ የስረዛ ጥያቄ፣ አልፎ አልፎም ሒሳቡን የማይቀበል የውጭ እንግዳ።

ይህን ሥራ «እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር» በሚል አንድ መስመር መግለጽ ስህተት ነው። በየሰዓቱ የሚያስፈልገው አፋን ኦሮሞ አልተጠቀሰም፤ እንግሊዝኛውም ምን እንደሚሠራበት አልተነገረም። የሚሻለው ቋንቋውን ከተግባሩ ጋር አያይዞ መጻፍ ነው። «በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በስልክና በአካል እንግዳ ማስተናገድና የሒሳብ ጥያቄ ማስረዳት፤ በእንግሊዝኛ የማስያዣ ኢሜይል አንብቦ በአጭሩ መመለስና ቅሬታ መቀበል።» እንዲህ የተጻፈ መስፈርት ለፈተናም ይመቻል። ለአመልካቹ አንድ የማስያዣ ኢሜይል ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም ጠያቂው ሙቅ ውኃ ያላገኘ እንግዳ ሆኖ ያነጋግረዋል። በግሩም እንግሊዝኛ ራሱን የሚያስተዋውቅ ነገር ግን ኢሜይሉ የክፍሉን ዓይነትና የመግቢያውን ቀን ሲጠይቅ የሚደናገር ሰው ወዲያው ይለያል። ዐረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ መጨመር ያለበት በእርግጥ የሚናገረው እንግዳ ካለ ብቻ ነው።

ከባዱ ጉዳይ ፈረቃው ነው። ሪሴፕሽን አይዘጋም፤ በሳምንት 168 ሰዓት ሰው ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል፤ የ24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍትንም ያዛል። ሦስት ሪሴፕሽኒስቶች ብቻ ያሉት ሆቴል 168ቱን ለሦስት ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው 56 ሰዓት ይደርሳቸዋል፤ ዕረፍት የሚባል ቀን የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ገብቶ አንድ ቀን በማረፍ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ደግሞ በአማካይ 84 ሰዓት ይሠራሉ። በትርፍ ሰዓት እናካክሰዋለን ማለትም አያዋጣም፤ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራና የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ለመሳሰሉ ሁኔታዎች እንጂ ለዘወትር ፕሮግራም አይደለም።

ስለዚህ ማስታወቂያው ከመጻፉ በፊት ፕሮግራሙ መሠራት አለበት። የአዳማው ሆቴል ሦስት ሰዎች በሳምንት ስድስት ስድስት ቀን ቢሠሩለት 144 ሰዓት ይሸፈናል። የቀሩት 24 ሰዓቶች ሦስት ፈረቃዎች ናቸው፤ እነሱን አራተኛ ተተኪ ሰው ይይዛቸዋል። ይህ ከታወቀ በኋላ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቁልጭ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 9፣ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5፣ ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1። የሆቴሉ ኮምፒውተር በፈረንጆቹ ሰዓት ስለሚሠራ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አመልካቹ ይሳሳታል።

ከሰዓቱ እኩል የሚያስጨንቀው መጓጓዣው ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ታክሲ በቀላሉ አያገኝም። ሆቴሉ ሰርቪስ ካለው ይጻፈው፤ ከሌለውም የለም ይበል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። የሌሊት ፈረቃ በራሱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያስገኝም፤ አዋጁ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜ የደነገገው የ1.75 እጥፍ ክፍያ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለተሠራ ሰዓት ነው። ሆቴሉ በራሱ ፈቃድ የሌሊት አበል የሚከፍል ከሆነ መጠኑን ቢጠቅስ ይጠቀማል።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ «በስምምነት» የሚለው ቃል በተግባር አመልካቹ ቀድሞ ቁጥር እንዲጠራ ያስገድደዋል። ሥራ የቸገረው ዝቅ አድርጎ ይጠራል፤ ቆይቶ ጎኑ ያለው ባልደረባው የበለጠ እንደሚያገኝ ሲሰማ ይከፋዋል። ሆቴሉ በጀቱን ያውቃል፤ መነሻውንና ጣሪያውን ይጻፍ። ያልተጣራ ደመወዝ መሆኑንም ይግለጽ። 9,000 ብር ተብሎ የተጻፈ ደመወዝ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ስሌት 1,400 ብር ግብር ይቀነስበታል፤ 7 በመቶ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮም 630 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 6,970 ብር ይሆናል።

ሰርቪስ ቻርጅ ለብቻው መጻፍ አለበት። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን እንደ ደመወዝ አይቆጥረውም፤ ከእንግዳው ብዛት ጋርም ከፍ ዝቅ ይላል። «ከሰርቪስ ቻርጅ ጋር እስከ 14,000 ብር» ብሎ መጻፍ ሥልጠና የበዛበትን አንድ ወር የዓመቱ ሁሉ ወር አስመስሎ ማቅረብ ነው። ያለፉትን 12 ወራት ዝቅተኛና ከፍተኛ ድርሻ ከሒሳብ ክፍል ወስዶ ሁለቱንም መጥቀስ ይሻላል። ገንዘብ ስለሚይዝ ዋስ የሚጠየቅ ከሆነም እዚያው ይነገር።

ሁሉም ሲሰባሰብ ማስታወቂያው ይህን ይመስላል፦

«ሪሴፕሽኒስት፣ አዳማ፣ ብዛት 1። አፋን ኦሮሞና አማርኛ፦ በስልክና በአካል ማስተናገድ። እንግሊዝኛ፦ ኢሜይል አንብቦ መመለስ፣ ቅሬታ መቀበል። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፤ የሌሊቱን ጨምሮ ሦስት ፈረቃ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ለሚወጣ ሰርቪስ አለ። ያልተጣራ ደመወዝ ከ8,500 እስከ 9,500 ብር እንደ ልምድ። ሰርቪስ ቻርጅ ተጨማሪ ነው፤ ባለፈው ዓመት በወር ከ900 እስከ 3,200 ብር ደርሷል። አንድ ዋስ ያስፈልጋል።»

በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ደመወዝን በማስታወቂያ መግለጽ የሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ኮሎራዶ በፈረንጆች 2021 ጀምራለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም ከሰኔ 2024 መጨረሻ ወዲህ ማስታወቂያ የሚያወጣ አሠሪ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ክፍያ መጻፍ አለበት።

እዚህ አገር ያለ ሥራ ፈላጊ ግን በእጁ ያለውን ሕግ ይጠቀም። ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል፤ ጽሑፉ ሲደርሰው ሰዓቱንና ደመወዙን ከፎቶው ጋር ያመሳክር።