ስህተቱ የሚያዘው መቼ ነው?

ኮምፓይለርና ኢንተርፕሪተር የሚለያዩበትን ቦታ በግልጽ ለማየት፣ ሆን ብለን አንድ ስህተት እንሥራና ማን መቼ እንደሚደርስበት እንከታተል። በፓይተን እንጀምር፦

```python
price = 40
print("start")
print(pirce)
```

ሦስተኛው መስመር ላይ የስሙ ፊደላት ተዘበራርቀዋል። ፕሮግራሙን ስናስነሣው `start` ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ `NameError` ብሎ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንተርፕሪተሩ ሥራውን እየሠራ እስከ ስህተቱ ድረስ ተጉዟል ማለት ነው።

ይኸንኑ በሲ ቋንቋ ጽፈን `gcc price.c` ብንል ግን `start` እንኳን አይወጣም። ኮምፓይለሩ ፕሮግራም አያስኬድም፤ ሥራው መተርጎም ነው። በመጀመሪያ በ`#include` የተጠሩትን ፋይሎች ያስገባል፤ ቀጥሎ ጽሑፉን በቃላት ከፋፍሎ ሰዋስዉን ይመረምራል፤ እያንዳንዱ ስም አስቀድሞ የታወጀ መሆኑንም ያጣራል። `pirce` የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሠራ ፋይልም ጨርሶ አይፈጠርም።

ስህተቱን አርመን ስንመለስ ጉዞው ይቀጥላል። ኮዱ ወደ አሴምብሊ፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩ ወደሚያውቃቸው የቁጥር ትእዛዞች ይለወጣል። ይሁን እንጂ `printf`ን እኛ አልጻፍነውም፤ ሊንከር የተባለው መሣሪያ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠበት ቦታ ጋር ያገናኘዋል። በሊኑክስ ላይ ውጤቱ `a.out` የሚባል ፋይል ነው። ይህን ስናስነሣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ወደ ሜሞሪ ይጭነዋል፤ ፕሮሰሰሩም ትእዛዞቹን በቀጥታ ይፈጽማል። ከዚህ ወዲያ ሶርስ ኮዱም ሆነ ኮምፓይለሩ አያስፈልጉም። ነገር ግን ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዘጋጀው ፋይል ለአርም ፕሮሰሰር ባዳ ነው፤ እንደገና መተርጎም አለበት። የፓይተኑ ፋይል ግን ተስማሚ ኢንተርፕሪተር ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ ሳይነካ ይሠራል።

ብዙዎች ኢንተርፕሪተር ሶርስ ኮዱን መስመር በመስመር እያነበበ እንደሚያስኬድ ይማራሉ። ለፓይተን ይህ ልክ አይደለም፤ ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ከመጨረሻው መስመር መዝጊያ ቅንፉን አጥፉና አስነሡት። አሁን `start` አይወጣም፤ ወዲያውኑ `SyntaxError` ይመጣል። የተለመደው ፓይተን ፋይሉን በሙሉ አስቀድሞ ባይትኮድ ወደሚባል አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ይተረጉመዋል። ባይትኮዱን ፕሮሰሰሩ ስለማያውቀው፣ ኢንተርፕሪተሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ተራ በተራ አንሥቶ ይፈጽምለታል። ፓይተን በከባድ ስሌት ከሲ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ መካከለኛ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ፓይፓይ የተባለው የዚያው ቋንቋ ማስኬጃ፣ ደጋግሞ የሚያገኘውን ኮድ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በማስኬጃው መሣሪያ እንጂ በቋንቋው ውስጥ አይደለም።

በእውነተኛ ሥራ ላይ አሳሳቢው `pirce` በ`if` ሥር ሲደበቅ ነው። ያ ሁኔታ እስኪፈጠር ድረስ ፓይተን መስመሩን ስለማይነካው ፕሮግራሙ ለወራት ጤነኛ መስሎ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ነው የፓይተን ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ቅርንጫፍ የሚያስኬድ ሙከራ የሚጽፉት። የሲ ጸሐፊዎችም ከሙከራ አያመልጡም፤ ተጠቃሚው ፕሮግራሙ እየሄደ በሚያስገባው ዜሮ ማካፈልን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።