የላፕቶፕ ፖርት እና አዳፕተር

የላፕቶፕ ፖርት ላፕቶፕን ከፕሮጀክተር፣ ከሞኒተር፣ ከፍላሽ እና ከመሳሰሉት መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ ነው። አዳፕተር ደግሞ በቀጥታ የማይገጥሙ ሁለት መሰኪያዎችን የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ነው። አዳፕተሮች በውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በሥራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቅርጽ ብቻ ይቀይራሉ፣ ሌሎቹ ግን በውስጣቸው ባለ ቺፕ ምልክቱን ራሱን ይለውጣሉ። ሰዎች የማይሠራ አዳፕተር የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልዩነት ሳያዩ ነው።

'''የቆየ ፍላሽ'''

ቀላሉ ጉዳይ ፍላሽ ነው። የቆየ ፍላሽ አራት ማዕዘን ባለው ዩኤስቢ ኤ ይሰካል፤ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ አንዳንዴ ያላቸው ሞላላውና በየትኛውም ወገን የሚገባው ዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ስለሆነ ቅርጽ ብቻ የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ይበቃል። አዳፕተሩ ግን ፍጥነት አይጨምርም፤ ዩኤስቢ 2.0 የሆነ ፍላሽ የትም ቢሰካ በሴኮንድ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም።

'''ፕሮጀክተር'''

በፕሮጀክተር በኩል ነገሩ ይለያል። በርካታ የቆዩ ፕሮጀክተሮች የሚቀበሉት ቪጂኤን ነው፤ ይህም በ1987 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ኮምፒውተሮች የመጣ፣ በሦስት ረድፍ 15 ፒን ያለውና ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ነው። ቪጂኤ አናሎግ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሚሰጡት ኤችዲኤምአይ ግን ዲጂታል ስለሆነ በመካከላቸው ቺፕ ያለው መቀየሪያ የግድ ያስፈልጋል። መቀየሪያው አቅጣጫም አለው፦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ተገልብጦ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አይሠራም። ስለዚህ ሲገዛ መጀመሪያ የላፕቶፑ ፖርት፣ ቀጥሎ የፕሮጀክተሩ ይነገራል።

ዩኤስቢ ሲ ብቻ ላለው ላፕቶፕ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ዳታና ቻርጅ ብቻ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ምልክት ወይም ዲ ፊደልን የመሰለ የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት ከሌለ ግን አያወጣም ማለት አይደለም፤ የሞዴሉን መግለጫ ማየት ይሻላል። ምስል በማያወጣ ፖርት ላይ ተራው አዳፕተር በፍጹም አይሠራም፣ ቢለዋወጥም ለውጥ የለውም።

ለምሳሌ ላንቻ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርብ ተማሪ ላፕቶፑ ሁለት ዩኤስቢ ሲ ብቻ፣ የአዳራሹ ፕሮጀክተር ደግሞ ቪጂኤ ብቻ አላቸው እንበል። የሚያስፈልገው ከዩኤስቢ ሲ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አንድ አዳፕተር ነው። ሁለት አዳፕተር መቀጣጠልም ይቻላል፣ ነገር ግን መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር የሚላቀቅ ነገር ይበዛል። ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ፕሮጀክተሩ ላይ የቪጂኤ መግቢያ ይመረጣል፤ ይህ መግቢያ በአንዳንዶቹ ኮምፒውተር ተብሎ ይጻፋል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ `Windows + P` ተጭኖ `Duplicate` ይመረጣል። ምስሉ ተቆርጦ ወይም ደብዝዞ ከታየ የላፕቶፑ ሬዞሉሽን ወደ ፕሮጀክተሩ ዝቅ ይደረጋል፤ የብዙ የቆዩ ፕሮጀክተሮች ልክ 1024 በ768 ነው። ስክሪኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የላፕቶፑ ሳይሆን የታጠፈ ፒን ወይም የላላ ኬብል ነው። የጎን ብሎኖቹ የተሠሩት ለዚሁ ነው።

ቪጂኤ ድምፅ አይወስድም። ተማሪው ቪዲዮ ካለው ድምፁን ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሌላ ኬብል ወደ አዳራሹ ስፒከር ማድረስ አለበት።

ምስሉ መጥቶ ብልጭ እያለ የሚጠፋበት ሁኔታም አለ። ኤችዲኤምአይ ለመቀየሪያው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ደንቡ ላፕቶፑን የሚያስገድደው 55 ሚሊአምፔር ብቻ እንዲሰጥ ነው። ይህ የማይበቃቸው መቀየሪያዎች በጎናቸው ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው፣ በዚያም ተጨማሪ ኃይል ያገኛሉ።

'''ሞኒተር'''

ሞኒተሮች ብዙውን ጊዜ ኤችዲኤምአይ ስላላቸው ችግራቸው ያነሰ ነው። ነጩ ሰፊ መሰኪያ ያለው ዲቪአይ ሞኒተርም ዲጂታል ምልክት ስለሚቀበል ከኤችዲኤምአይ ጋር በቅርጽ ቀያሪ ኬብል ብቻ ይገናኛል፣ ድምፅ ግን ላይመጣ ይችላል። የሚያሳስተው ዲስፕሌይፖርት ነው፦ ከዲስፕሌይፖርት ላፕቶፕ ወደ ኤችዲኤምአይ ሞኒተር ርካሹ ኬብል ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ያው ኬብል ከኤችዲኤምአይ ላፕቶፕ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ሲገለበጥ ግን ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።