አማካዩ ወደ ዋጋው ሲወርድ

መኸር ገብቶ በቆሎ ሲረክስ የዳንግላ ገበሬ ያማርራል፤ ክረምት መጥቶ ሲወደድ ምሬቱ ወደ እንጅባራ ሸማች ይዞራል። በሁለቱ መካከል እህል ገዝቶ መጋዘን የሚያስገባው ነጋዴ ስሌቱ አጭር ነው፦ ዋጋው ከወትሮው በጣም ከወረደ ይመለሳልና ግዛ። «በጣም» የሚለውን በቁጥር ለመለካት ዚ-ስኮር ጥሩ መሣሪያ ነው። የዛሬው ዋጋ ከተንከባላዩ አማካይ ስንት መደበኛ ልይይት እንደራቀ ይነግራል። ብዙዎች ከ−2 በታች ሲወርድ ይገዛሉ፣ ወደ 0 ሲመለስ ይሸጣሉ።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዚ-ስኮሩ ወደ 0 ተመለሰ ማለት ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም። አማካዩ ራሱ ወርዶ ዋጋው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ለስሌት ያህል የአሥር ሳምንት ዋጋ እንውሰድ። የበቆሎ ኩንታል ለዘጠኝ ሳምንት ከ3,950 እስከ 4,050 ብር ሲመላለስ ቆይቶ በአሥረኛው 3,700 ገባ። የአሥሩ ሳምንት አማካይ 3,970፣ መደበኛ ልይይቱ 103 ብር ያህል፣ ዚ-ስኮሩም −2.6 ነው። ነጋዴው ገዛ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ዋጋው 3,600፣ 3,500፣ ከዚያም 3,400 ደርሶ ለስድስት ሳምንት እዚያው ቆመ። ከግዢው በኋላ በዘጠነኛው ሳምንት ትንሽ አንሰራርቶ 3,470 ሆነ። ያን ጊዜ የድሮዎቹ ውድ ሳምንታት ከስሌቱ ወጥተው አማካዩ 3,467 ደርሷል። ዚ-ስኮሩ ከ0 በላይ ስለሆነ ደንቡ «ግብህ ደርሷል፣ ሽጥ» ይላል። ነጋዴው ግን በኩንታል 230 ብር ከስሯል፤ የመጋዘንና የማዳበሪያ ከረጢት ወጪው ሳይቆጠር።

የኪሳራ መውጫውም በዚሁ ወጥመድ ይያዛል። «−3 ከደረሰ እሸጣለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው የአሥር ሳምንት መስኮት ከተጠቀመ ምልክቱ በጭራሽ አይመጣለትም። የዛሬው ዋጋ ራሱ በስሌቱ ውስጥ ስላለ አማካዩን ወደ ታች ይጎትታል፣ ልይይቱንም ያሰፋል። በመሆኑም በአሥር ቁጥር ውስጥ አንዱ ከ2.85 መደበኛ ልይይት በላይ መራቅ አይችልም። ዋጋው በግማሽ ቢወድቅ እንኳ ደወሉ አይደወልም።

መፍትሔው በግዢው ቀን የነበሩትን አማካይና ልይይት በደብተር ጽፎ መቆለፍ ነው። ከዚያ ሦስት መውጫዎች ይበጃሉ። አንደኛው የትርፍ ነው፦ ዋጋው ወደ 3,970 ሲጠጋ መሸጥ። ሁለተኛው የኪሳራ ነው፦ ከተቆለፈው አማካይ በ3.5 ልይይት ሲርቅ፣ ማለትም ወደ 3,610 ብር ሲወርድ መውጣት። በምሳሌያችን ነጋዴው በሚቀጥለው ሳምንት በ3,600 ሸጦ 100 ብር ብቻ ይከስር ነበር። ሦስተኛው የጊዜ ነው፦ በተወሰነው ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ፣ የመግዣው ምክንያት ተሳስቷልና መልቀቅ።

እኔ እንደማምነው ዋጋን ወደ አማካዩ የሚመልሰው መኪና ነው። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለጥቂት ቀን ተዘግቶ በቆሎ ከረከሰ፣ ሲከፈት ገዢ ይመጣል፣ ዋጋውም ያገግማል። ምርቱ በየአካባቢው በዝቶ ከረከሰ ግን የሚመልሰው ኃይል የለም። በመኸር መግቢያ ላይ የአሥር ሳምንት መስኮት በየዓመቱ የሚመጣውን ቅናሽ እንደ ልዩ ክስተት ያነበዋል፤ ስለዚህ የዘንድሮን ኅዳር ከአምናው ኅዳር ጋር ማነጻጸር ይገባል። ድንች ደግሞ እንደ በቆሎ ረጅም ጊዜ ስለማይቀመጥ አማካዩን የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም።

አማካይ ጨርሶ የማይመለስበትን ሁኔታ ሁላችንም አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያን ጊዜ ያለ ማንኛውም ዚ-ስኮር «እጅግ ተወዷል፣ ይወርዳል» ይል ነበር። ወራት ሲያልፉ ዚ-ስኮሩ ወደ መደበኛው ተመለሰ፤ ዶላሩ ግን ወደ 57 አልተመለሰም።

ለስሌቱም መንግሥት በየወሩ የሚያወጣውን አማካይ ዋጋ አልመክርም። የወር አማካይ የገበያ ቀኖቹን መዋዠቅ ስለሚያለሰልስ ልይይቱን ያሳንሳል፤ የአንድ ገበያ ቀን ዋጋ በዚያ ልይይት ሲካፈል ተራ ቅናሽ ሁሉ −2 ይመስላል። በራስ ገበያ፣ በአንድ ዓይነት የእህል ደረጃ፣ በየሳምንቱ የተመዘገበ ዋጋ ይበልጣል። በብድር እህል የሚይዝ ደግሞ የጊዜ መውጫውን ከወለዱ ጋር ያስላው፤ ዋጋው ቢመለስም ዘግይቶ ከሆነ ትርፉን ባንኩ ይወስደዋል።