ኮታው ሞልቶ ትንበያው የከሸፈበት ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲቃረብ ጋሉፕ፣ ክሮስሊና ሮፐር የተባሉት ሦስቱ ስመ ጥር የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢዎች የሪፐብሊካኑን የቶማስ ዱዊን አሸናፊነት ተነበዩ። ጋሉፕ ለዱዊ 49.5፣ ለሃሪ ትሩማን 44.5 ከመቶ ሰጠ። ድምፁ ሲቆጠር ግን ትሩማን 49.5፣ ዱዊ 45 ከመቶ ገደማ አገኙ።

ሦስቱም የሠሩት በኮታ ናሙና ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ የተሰማራ አንድ የጋሉፕ ጠያቂ 13 ሰዎችን እንዲያነጋግር ታዞ ነበር፤ 6ቱን ከከተማው ዳርቻ፣ 7ቱን ከመሀል ከተማ፤ 7 ወንድና 6 ሴት። ከወንዶቹ ሦስቱ ከ40 ዓመት በታች፣ አራቱ በላይ እንዲሆኑ ተወስኗል። ዘራቸውና የሚከፍሉት የቤት ኪራይ እንኳ ተለይቷል። ኮታው እስከሞላ ድረስ ግን የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚመርጠው ጠያቂው ራሱ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ጠያቂዎቹ በቀላሉ የሚገኘውንና የሚግባባቸውን ሰው ያነጋግራሉ፤ ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ከእኩዮቹ ትንሽ የተሻለ የተማረና ኑሮው የተደላደለ ነው። እንዲህ ያለው መራጭ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወደ ሪፐብሊካኖች ያዘነብል ነበር። ከ1936 ጀምሮ በተከታታይ አራት ምርጫዎች የጋሉፕ ትንበያ ለሪፐብሊካኖች ያደላው በዚሁ ሳቢያ ነው። በፊተኞቹ ሦስት ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት ስላሸነፉ ጉድለቱ አልታየም። በ1948 ፉክክሩ ሲጠብብ ገሃድ ወጣ፤ ጥናቱ ቀደም ብሎ መቋረጡም ስሕተቱን አባባሰው። ብዙ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ እንኳ ያው አድልዎ በብዛት ይደገም ነበር። ማን የመመረጥ ምን ያህል ዕድል እንዳለው ስለማይታወቅም በዕጣ ለተመረጠ ናሙና የሚሰላውን የስሕተት መጠን እዚህ ላይ ማስላት አይቻልም። ቢሆንም ኮታ ፈጣንና ርካሽ በመሆኑ ዛሬም በገበያ ጥናት ይሠራበታል።

የበረዶ ኳስ ናሙና የሚያስፈልገው የስም ዝርዝር በሌለበት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአሠሪያቸው ቤት ወጥተው ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችን ማጥናት የፈለገ ሰው ዕጣ የሚያወጣበት መዝገብ የለውም። አንዷ ካመነችው ጓደኛዋን ታገናኘዋለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ሌላዋን። እንዲህ እያለ ደመወዝ እንዴት እንደሚከለከል፣ ፓስፖርት እንዴት እንደሚቀማ በዝርዝር ይረዳል። «ከመቶ ይህን ያህሉ ተቀምተዋል» ማለት ግን አይችልም። ብዙ ወዳጅ ያላት ደጋግማ ትጠቆማለች፤ ስልክም ዘመድም የሌላት ከነጭራሹ አትገኝም።

አመቺ ናሙና ደግሞ ቅርብ የተገኘውን ሰው መጠየቅ ነው። መጠይቁ ግልጽ መሆኑን ለመፈተሽ በቂ ነው። በጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቁትን ጠይቆ የአካባቢው ሕዝብ ሕክምና ያገኛል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፤ መምጣት ያቃታቸው ወረፋው ላይ የሉምና።

ሦስቱም ችግሩ መኖሩንና መልኩን ያሳያሉ። ስፋቱን በመቶኛ ለመናገር ግን መራጩ ዕጣ መሆን አለበት።