በ42 ዓመት ጡረታ ለመውጣት ስንት ያስፈልጋል?

ሜሪላንድ የሚኖሩ የ30 ዓመት ባልና ሚስት አሉ እንበል። ግብር ተቀንሶ በዓመት 100,000 ዶላር እጃቸው ይገባል። 40,000ውን ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለመኪና ያወጣሉ፤ 60,000ውን ይቆጥባሉ። ስንት ሲሞላላቸው ነው ሥራ ማቆም የሚችሉት?

ስሌቱ ከደመወዝ ሳይሆን ከወጪ ይነሳል። አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊሊያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1926 ወዲህ የነበረውን የአሜሪካ አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ ታሪክ መረመሩ። ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶውን ቢያወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል ብቻ እየጨመረ ቢቀጥል፣ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ያዘልቀዋል። 4 በመቶ የሃያ አምስት አንድ እጅ ነው፤ ስለዚህ የዓመት ወጪን በ25 ማባዛት ነው። ለጥንዶቹ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል።

ቁጠባቸው ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ፣ በ12 ዓመት ተኩል ገደማ ይደርሱበታል። ወጪያቸው 60,000 ቢሆን ግን ዒላማው ወደ 1.5 ሚሊዮን ያድጋል፣ ቁጠባው ወደ 40,000 ይወርዳል፣ ጉዞውም 22 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ወጪ በሁለት በኩል ይመታል፤ የሚቆጠበውን ይቀንሳል፣ የሚፈለገውን ያበዛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝርዝሩ ላይ ነው።

ጥንዶቹ ጎንደር ላሉት እናት በየወሩ የሚልኩትን 300 ዶላር ወጪ ብለው አልመዘገቡትም። በዓመት 3,600 ነው፤ በ25 ሲባዛ ብቻውን 90,000 ዶላር ይጠይቃል። የጤና መድናቸውን ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው የሚከፍለው አሠሪ ነው። ሥራ ሲለቁ፣ ሜዲኬር እስከሚጀምርበት 65 ዓመት ድረስ ዕዳው የራሳቸው ነው። ለዚህ በዓመት 8,400 ዶላር ቢይዙ ዒላማው 1.3 ሚሊዮን፣ ጊዜውም ወደ 16 ዓመት ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ። የቤንገን ስሌት የተሠራው ለ30 ዓመት ነው፤ በ46 ዓመቱ ሥራ ያቆመ ሰው ግን 45 ዓመት ሊኖር ይችላል። በተለይ ጡረታው በጀመረ ሰሞን ገበያው ቢወድቅ፣ ለመኖር ሲባል አክሲዮን በርካሽ ይሸጣል፤ የተሸጠው ደግሞ ገበያው ሲያገግም አብሮ አያድግም። ለዚህ ነው ጠንቃቆች በ25 ፈንታ ከ28 እስከ 30 የሚያባዙት፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚይዙት።

ታዲያ ምን ይቀነስ? ጥንዶቹ በየሁለት ዓመቱ አገር ቤት ሄደው 4,000 ዶላር ቢያወጡ፣ ከሥራ በኋላም ይህንኑ ቢቀጥሉ፣ ጡረታቸው የሚዘገየው በ10 ወር ያህል ነው። በዚያው 16 ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ እናታቸውን አይተዋል።