አንድ ስትሮክ፣ ሁለት ኮድ

የጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ባለሙያ ለአንድ ሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ክፍል እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «የታኅሣሥ ወር የተኝቶ ታካሚዎች ሪፖርታችሁ ደርሶናል። ይሁንና የስትሮክ ሕሙማን ከፊሎቹ I64፣ ከፊሎቹ ደግሞ 8B20 በሚል ኮድ ተመዝግበዋል። የትኛው ክፍል በየትኛው የኮድ ሥርዓት፣ ከመቼ ጀምሮ እየሠራ እንደሆነ እንድታብራሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለቱም ኮዶች ትክክል ናቸው። ሐኪሙ «ስትሮክ» ብሎ ጽፎ፣ ደም ፈስሶ ይሁን የደም ሥር ተዘግቶ ሳይለይ ሲቀር የሚሰጡ ናቸው። ልዩነቱ የተቀዱበት መዝገብ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምረው ከሠሩበት አይሲዲ-10 የተወሰደ ነው። ሁለተኛው በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለው አይሲዲ-11 ነው። በአገራችንም ከአዲሱ መዝገብ የተቀነሰ የኢትዮጵያ ቅጂ ተዘጋጅቷል። ሽግግሩ በየሆስፒታሉ በአንድ ሌሊት ስለማያልቅ ሁለቱ ለጊዜው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ኮዶቹን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሁለተኛዋን ምልክት ማየት በቂ ነው። በአሮጌው መዝገብ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ ሁልጊዜ አኃዝ ይመጣል፤ በአዲሱ ሁለተኛዋ ምልክት ሁልጊዜ ፊደል ናት። ስለዚህ አንዱ ኮድ የሌላውን መልክ ሊይዝ አይችልም። 164 የሚል ቁጥር ከተገኘ ግን በቁልፍ ሰሌዳ ላይ I በ1 ተተክቶ የተጻፈ I64 ሊሆን ስለሚችል ካርዱ ይታይ። አዲሱ መዝገብ I እና O የሚባሉትን ፊደላት ጨርሶ የማይጠቀመውም ይህን ስሕተት ለማስቀረት ነው።

ትልቁ ጣጣ ያለው በምዕራፎቹ ላይ ነው። አሮጌው መዝገብ ስትሮክን ከልብና ከደም ዝውውር በሽታዎች ጋር መድቦት ነበር። አዲሱ ወደ ነርቭ ሥርዓት በሽታዎች ምዕራፍ አዛውሮታል፤ የሚጎዳው አንጎል ነውና ዝውውሩ ተገቢ ይመስለኛል። ነገር ግን በምዕራፍ የተደመረ ሪፖርት የሚያነብ ኃላፊ የልብና የደም ሥር ሕመም ድንገት እንደቀነሰ፣ የነርቭ ሕመም ደግሞ እንደተስፋፋ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በሕሙማኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሆስፒታሉ በኅዳር 12 የስትሮክ ሕሙማን አስተኝቶ ሁሉንም በአሮጌው መዝገብ አስፍሯል። በታኅሣሥ የውስጥ ደዌ ክፍል አዲሱን ሲጀምር ድንገተኛ ክፍሉ በአሮጌው ቀጠለ። የታኅሣሥ ሪፖርት በአሮጌው 5፣ በአዲሱ 9 ሕሙማን ያሳያል። የደም ዝውውር ዓምዱን ብቻ ያየ ሰው ስትሮክ ከግማሽ በታች ወረደ ይላል። ሁለቱን የደመረም 14 ያገኛል፤ እሱም አልተሳካለትም። የካርድ ቁጥርና የመግቢያ ቀን ሲመሳከር ሁለት ሕሙማን በድንገተኛ ክፍል I64 ተብለው ከቆዩ በኋላ፣ ወደ ውስጥ ደዌ ሲዛወሩ በሲቲ ስካን የደም ሥር መዘጋቱ ታውቆ 8B11 ተሰጥቷቸዋል። እነዚህ በመጨረሻው ምርመራቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ መቆጠር አለባቸው። ትክክለኛው ድምር 12 ነው፤ ልክ እንደ ኅዳር።

ሌላም ወጥመድ አለ። ምልክቱ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋው፣ ሐኪሞች ቲአይኤ የሚሉት ሕመም፣ በአሮጌው መዝገብ ከስትሮክ ተለይቶ G45 ውስጥ ነበር። በአዲሱ 8B10 ተብሎ ከስትሮክ ጋር በአንድ የአንጎል ደም ሥር በሽታዎች ክፍል ገብቷል። የድሮውን I60–I69 ከአዲሱ ክፍል ሙሉ ድምር ጋር የሚያነጻጽር ሰው፣ ቲአይኤን ካላስወጣ ጭማሪ የሌለበትን ጭማሪ ያያል።

ስለዚህ መዝገብ ክፍሉ «ሁለቱንም እንጠቀማለን» ብሎ ቢመልስ አይበቃም። እያንዳንዱ ክፍል አዲሱን የጀመረበትን ቀን መጻፍ አለበት። አሮጌዎቹ ኮዶች ተለውጠው ከሆነም በማዛመጃ ሰንጠረዥ ነው ወይስ ካርዱ እንደገና ተነብቦ የሚለውን መለየት አለበት፤ ሰንጠረዥ I64ን ወደ 8B20 ይወስደዋል እንጂ በኋላ የመጣውን የሲቲ ስካን ውጤት አያውቅም።

የመዝገብ ክፍል ባልደረቦች፣ ኮዱን ስትለውጡ ሐኪሙ በቃል የጻፈውን ምርመራና የመጀመሪያውን ኮድ አትሰርዙ፤ አዲሱን ከጎኑ አስፍሩ። ሐኪሞችም «ስትሮክ» ብላችሁ አትተዉት፤ ዓይነቱ ከታወቀ ጻፉት።