ከጆሮ ጀርባ የሚወጣው እብጠት

ጆሮው የሚመግል ልጅ በየሰፈሩ ስለማይጠፋ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን አቅልሎ ያየዋል። ልጁ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ጆሮውን እየነካካ ሲያለቅስ ያድራል፣ ትንሽ መግል ይፈሰውና ይደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም እዚያው ላይ ያበቃል። የማያበቃበት ጊዜ ግን አለ፤ ምልክቱም የሚታየው ከጆሮ ጀርባ ነው።

ከጆሮዎ ጀርባ ጣትዎን ቢያሳርፉ ጎበጥ ያለ ጠንካራ አጥንት ያገኛሉ። ማስቶይድ ይባላል። ከውጭ ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈለና አየር የሞላበት ነው። ከታምቡር በስተጀርባ ካለው ከመካከለኛው ጆሮ ጋር በጠባብ መተላለፊያ ይገናኛል። ስለዚህ መካከለኛው ጆሮ ሲመግል ሕመሙ ወደዚህ አጥንት የሚዘልቅበት መንገድ አለው። መተላለፊያው አብጦ ከተዘጋ የታፈነው መግል ቀጫጭኖቹን ግድግዳዎች ይበላቸዋል። ከዚያም ወደ ውጭ ወጥቶ ከቆዳ ሥር ይቋጥራል፤ ሲከፋ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሐኪሞች ማስቶይዳይተስ የሚሉት ይህንን የአጥንት ሕመም ነው። አዋቂንም ይይዛል፤ ይበልጥ የሚያጠቃው ግን ሕፃናትን፣ በተለይም ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ነው።

አንድ የዓመት ተመንፈቅ ልጅ እናስብ። ከጉንፋን በኋላ ትኩሳት ተነሣበት፣ ቀኝ ጆሮውም መግል አወጣ። አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ታዘዘለት፤ በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ግን መድኃኒቱ ተቋረጠ። ፈሳሹም ቆመ፤ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ተደሰተ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ። ልጁ በቀኝ ጎኑ አልተኛም አለ፤ እናቱ ስታጥበው ከጆሮው ጀርባ እጇ ሲያርፍ ጮኸ። ፈሳሹ መቆሙ የመዳን ምልክት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ መግሉ መውጫ አጥቶ ነው።

አያት ቢያዩት “ጆሮ ደግፍ ነው” ማለታቸው አይቀርም። ልዩነቱን ለማየት ልጁን እናቱ ታቅፋው ከኋላው ቆሞ ሁለቱን ጆሮዎች ማነጻጸር ይበቃል። ጆሮ ደግፍ የሚያብጠው ከጆሮ ሥርና ከፊቱ፣ በመንጋጋው ማዕዘን ላይ ነው፤ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይ ያነሣዋል። የማስቶይድ እብጠት ግን ጆሮውን ከኋላ ገፍቶ ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነብለዋል። ጆሮና ጭንቅላት የሚገናኙበት እጥፋትም ሞልቶ ይጠፋል። ቆዳው ይቀላል ይባላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ሲነካ የሚያመው መሆኑን ማመን ይሻላል።

ይህን ያየ ቤተሰብ ለነገ ማለት የለበትም። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሠሩበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከጆሮ ጀርባ ሲነካ የሚያም እብጠትን በአስቸኳይ ሪፈር ከሚባሉት ሕመሞች ይመድበዋል። የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መጠንና ለሕመሙ ፓራሲታሞል እዚያው ተሰጥቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሽሮፕ ይዞ ወደ ቤት መመለስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን አጥንት ከአንጎል ሽፋን የሚለየው ስስ የአጥንት ንጣፍ ነው፤ ከአንጎል ደም የሚመልስ ትልቅ የደም ሥር በአጠገቡ ያልፋል፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም በውስጡ ይሄዳል። መግሉ እነዚህ ላይ ሲደርስ ማጅራት ገትር፣ የአንጎል መግል፣ የደም ሥር መዘጋት ወይም የፊት መጣመም ይከተላል። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ አንገቱ ከገተረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው ሰዓቱ እየጠበበ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ልጁ ተኝቶ አንቲባዮቲኩን በደም ሥር ይወስዳል። ሐኪሙ መግሉ የደረሰበትን ለማወቅ ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል። ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ታምቡሩን በትንሹ ከፍቶ መግሉን ያወጣል፤ ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ካለም ይፈሳል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ከመጀመሪያውም መግሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከተገኘ፣ ከጆሮ ጀርባ ተከፍቶ የታመመው አጥንት በቀዶ ሕክምና ይጠረጋል። ቤተሰብን የሚያስፈራው ይኸው ነው። ነገር ግን የታፈነ መግል መውጫ ካላገኘ መድኃኒት ብቻውን አይበግረውም።

እስከዚያው እብጠቱን ማሸት፣ በሙቅ ነገር መተኮስ ወይም መብጣት፣ ጆሮው ውስጥም ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። ጆሮው የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ጫፉን ጆሮው ደጃፍ ላይ ማስገባት፣ ሲረጥብ በሌላ መተካት ይቻላል፤ ክብሪት እንጨት ግን አይነካውም። ልጁ ከዳነ በኋላ ታምቡሩ መዘጋቱ ይታያል፣ መስማቱም ይመረመራል፤ ገና በቅጡ ያልተናገረ ሕፃን በአንድ ጆሮው አለመስማቱን ቤተሰብ በቀላሉ አያውቅምና።